ትኩሳት ላለበት ህፃን ቦለስ እንስጥ? የፊስት ጥናት ሲመዘን

የሐሙሱን የጆርናል ክለብ ማስታወሻ ከየሰው ደብተርና ከቴሌግራም ግሩፑ ሰብስቤ በየቦታው አስገብቼዋለሁ። ተደጋግሞ የተነሳውን አንዴ ብቻ ጻፍኩት። የተከራከርንበት ላይ ግን የራሴን ፍርድም ሰጥቻለሁ፤ ያልተስማማችሁ ተነሱብኝ።

ጽሑፉ ካትሪን ማይትላንድና ባልደረቦቿ በ2011 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት ነው። ጥያቄው ቀላል ነው። ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ህፃን ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ከሞት ያድነዋል ወይ?

ንድፉ

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ ውስጥ ባሉ 6 ሆስፒታሎች 3141 ህፃናት በዕጣ በሦስት ተደለደሉ። አንዱ ቡድን የአልቡሚን ቦለስ፣ ሌላው የሳላይን ቦለስ አገኘ፤ ሦስተኛው ያለ ቦለስ ሜንተናንስ ብቻ። አንቲባዮቲክ፣ የወባ መድኃኒት፣ ኦክስጅንና ደም ለሚያስፈልገው ሁሉ ተሰጥቷል። ዋናው መለኪያ በ48 ሰዓት ውስጥ የሞተው ብዛት ነው። የደም ግፊታቸው በጣም የወረደ 29 ህፃናት ለብቻቸው ተይዘው ሁሉም ቦለስ ስላገኙ፣ ለእነሱ ያለ ቦለስ የሚወዳደር ቡድን የለም። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ወደ ታች እንመለስበታለን።

አድልዎ

እዚህ ላይ ነው ክለቡ የጋለው። አንዱ ሬዚደንት "ሐኪሙ ማን ምን እንደተሰጠው ያያል፣ ስለዚህ ጥናቱ አይታመንም" አለ። እኔ አልቀበለውም። ሞት በሐኪም አመለካከት የሚቀየር ነገር አይደለም፤ ዕጣው በታሸገ ፖስታ ስለነበር ማን የት እንደሚገባ አስቀድሞ መምረጥም አይቻልም። ሐኪሙ ማወቁ የሚያሳስበው ሌላ ቦታ ነው፦ ቦለስ ያላገኘውን ልጅ ቶሎ ቶሎ ሄዶ ቢያየውስ? ሊሆን ይችላል፣ ግን ሁሉም በአንድ የክትትል መርሐ ግብር ነው የታዩት፤ ያን ያህል ልዩነት በዚህ ብቻ ለማስረዳት ይከብዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይጠነክራል። ጥናቱ የታቀደው ለ3600 ህፃናት ነበር፣ ጉዳቱ ስለታየ ቀድሞ ቆመ። ቀድሞ የቆመ ጥናት የውጤቱን መጠን ሊያጋንን ይችላል። መጠኑን በጥንቃቄ እንያዘው፤ አቅጣጫውን ግን አይገለብጠውም።

ውጤቱ

በ48 ሰዓት በአልቡሚን 10.6%፣ በሳላይን 10.5%፣ ያለ ቦለስ 7.3% ሞቱ። ሁለቱ የቦለስ ቡድኖች ተደምረው ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት ስጋቱ 1.45 እጥፍ ነው፣ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ1.13 እስከ 1.86። እጥፉ ብቻ ስሜት አይሰጥም፣ ስለዚህ ወደ ዋርድ ቋንቋ ስንመልሰው፦ ቦለስ ከተሰጣቸው 30 ገደማ ህፃናት አንዱ ባይሰጠው የማይሞት ልጅ ነው። ቦለስ የጠቀመው ንዑስ ቡድን አልተገኘም፤ ወባ ያለበትም የሌለበትም ያው ነው።

"ሳንባቸው በፈሳሽ ተሞልቶ ነው የሞቱት" የሚለው ማስታወሻ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለ። ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎች በ2013 ያወጡት ትንተና እንደዛ አይልም። ትርፉ ሞት በዋናነት የመጣው ከልብና ደም ዝውውር ውድቀት ነው። ስለዚህ "ሳንባውን እያዳመጥኩ እሰጣለሁ" ማለት በቂ መከላከያ አይደለም።

ለእኛ ይሠራል?

"አይሲዩ በሌለበት የተሠራ ስለሆነ አይመለከተንም" የሚለውን ገልብጠን እናንብበው። ቬንቲሌተር በሌለበት ድንገተኛ ክፍል ሌሊት ህፃን የሚቀበለው እኮ እኛው ነን፤ ባሕር ዳር ሪፈር ከማድረጋቸው በፊት ህፃኑን የሚያዩት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችማ የባሰ። ከክረምት በኋላ ከፎገራና ከደምቢያ የሚመጣው ትኩሳት ያለው፣ የገረጣ፣ የደከመ ልጅ ጥናቱ ውስጥ ካሉት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከእነሱ 57% ወባ ነበረባቸው፣ ሲሶ የሚሆኑት ሄሞግሎቢናቸው ከ5 በታች ነበር። እንዲህ ላለው ልጅ ደም ፍለጋ መሯሯጥ እንጂ ሳላይን መክፈት አይደለም።

የማይመለከታቸውም አሉ። በተቅማጥ ፈሳሽ ያጣ ልጅ ከጥናቱ ውጭ ነበር፣ የተለመደው የድርቀት ሕክምና ይቀጥል። ከባድ የምግብ እጥረት ያለበትም ውጭ ነበር፤ ለእሱ ከዚህ ጽሑፍ ምንም አንውሰድ፣ የራሱን መመሪያ እንከተል።

ሌላው፣ ጥናቱ አንድ ምልክት ብቻ ያለውን ልጅም "የዝውውር መዳከም" ብሎ አስገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ሾክ የሚለው ሦስቱም ሲሟሉ ነው፦ እጅ እግር መቀዝቀዝ፣ ካፒላሪ ሪፊል ከ3 ሰከንድ በላይ መሆን፣ የልብ ትርታው ደካማና ፈጣን መሆን። የ2016 ምክሩም ሦስቱ ላልተሟሉለት ቦለስ አይሰጥ፣ ለተሟሉለት ደግሞ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ በዝግታ፣ የሚል ነው። ግፊቱ ለወረደው ልጅ፣ ላይ እንዳልኩት፣ ይህ ጥናት መልስ የለውም።

ከሰኞ ጀምሮ ቦለስ የሚያዝ ሰው ሦስቱን ምልክቶች፣ ሄሞግሎቢንና ክብደት ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሲኒየሮቹም ራውንድ ላይ ይጠይቁን።