የጡረታ ስንብት ማስታወቂያና የመጨረሻ ክፍያ መግለጫ

ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች በሙሉ
ደሴ

ሲስተር ዘሃራ 60 ዓመት ስለሞላቸው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ይሰናበታሉ። 36 ዓመት ያገለገሉት በማዋለጃ ክፍል ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት በባትሪ ብርሃን አዋልደዋል፤ ከኩታበር ገጠር በቃሬዛ የመጡ እናቶችን ተቀብለዋል። ዛሬ ክፍሉን የያዙት አዋላጆችም በእጃቸው የሠለጠኑ ናቸው። ባለውለታችን ናቸው።

ሲስተር፣ የአበልዎ ስሌት እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ 36 ወራት አማካይ ደመወዝዎ 9,600 ብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 26 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይታሰባል። ድምሩ 62.5 በመቶ ስለሚሆን የወር አበልዎ 6,000 ብር ነው። የሚታሰበው በአማካዩ እንጂ በመጨረሻው ደመወዝ ስላልሆነ ከጠበቁት ቢያንስ ስህተት አይምሰልዎ። ያልወሰዱት የ18 ቀን የዓመት ፈቃድ ከሰኔ ደመወዝ ጋር በገንዘብ ይከፈልዎታል።

አንድ ነገር አደራ፦ የስም ልዩነት አበል ያዘገያል። በግል ማህደርዎ «ዘሃራ»፣ በመታወቂያዎ «ዛህራ» ስለሚል መታወቂያውንና የባንክ ደብተርዎን ይዘው እስከ ሰኔ 15 ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይምጡ፤ ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን።

የስንብት ቡናና ምርቃት ዓርብ ሰኔ 27 ከቀኑ 9፡00 ሰዓት በግቢያችን ነው።

የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል