በሞቴ

ሚያዝያ ነው፤ የወንድሟ መልስ። ደብረ ማርቆስ የአያቷ ግቢ ድንኳኑ ሞልቶ፣ የተረፈው ሰው አጥሩ ሥር በአግዳሚ ተደርድሯል። ሕይወት ጥግ ይዛ ባዶ ብርሌዋን በመዳፏ ከድናለች። ጠጁን የጣሉት አያቷ ናቸው። ሽታው ሲመጣ ምራቋን ዋጠች። ካልቀመሰች ሰባት ወሯ ነው።

እትዬ ብርቄ ጆጉን ይዘው ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽን አንሺው እንጂ!»

«እኔ ይቅርብኝ፣ እትዬ።»

«ምን ሲደረግ! በሞቴ! አንድ ብቻ፣ አፈር ስሆን!»

ሰው ሞቱን ጠርቶ ጆግ እንደያዘ ቆሞ ሳለ እንቢ ማለት ቀላል አይደለም። እትዬ ብርቄ ክፉ አስበው አይደለም፤ በዚህ ቤት ማጠጣት ማክበር ነው፣ መውደድም ነው። ሕይወትን የከበዳትም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ «ጸበል ጀምሬያለሁ በያቸው፤ ማንም አይነካሽም» ብላ መክራት ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። ጸበሉ ሲያልቅስ? ቀጥሎ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፤ ለየድግሱ አዲስ ውሸት ከየት ታመጣለች?

«ትቼዋለሁ፣ እትዬ። ከጀመርኩ ማቆም ስለማልችል አልጀምርም።»

እትዬ ብርቄ ጎንበስ አሉና በጆሮዋ «አርግዘሽ ነው?» አሉ።

«አይደለም።»

«ለወንድምሽ ደስታ እንኳ?» አሉ ጋሼ አለሙ ከማዶ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። ጥቂት ሰው ዞር አለ። ሕይወት ፊቷ ጋለ፤ እጇን ግን ከብርሌው አላነሳችም። እትዬ ብርቄ ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፉ፤ ዝምታቸው ከልመናው ይልቅ ከበዳት።

ከበሮው ሲጀመር የእህቷ ልጅ ማርታ በሰው መሀል እየተሹለከለከች መጣች። አምስት ዓመቷ ነው። ለእንቁጣጣሽ እዚሁ ግቢ ሕይወት ጮኻባት፣ አበባዋን ከእጇ ነጥቃ ጥላባት ነበር። ሕይወት አታስታውሰውም፤ እህቷ ናት በነጋታው የነገረቻት። ልጅቷ ግን ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ እንኳ ጠርታት አታውቅም።

ማርታ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«አፍሽን እስቲ» አለች።

ሕይወት ጎንበስ ብላ «እህ» አለችላት። ልጅቷ አሸተተች። አንዴ አልበቃትም፤ ደግማ አሸተተች።

«ሽሮ ሽሮ ይላል።»

ጭኗ ላይ ወጣች። ከበሮውም ጭብጨባውም ሳያግዳት፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጋሼ አለሙ ሙሉ ብርሌ ይዘው መጡ። «ነይ እንግዲህ፣ ከእጄ!»

ሕይወት በአገጯ ወደ ልጅቷ አመለከተቻቸው። ጋሼ አለሙ የተኛችውን አዩ፤ ሕይወትንም አዩ። ብርሌውን ለራሳቸው ያዙና ነጠላቸውን አውልቀው የልጅቷን እግር ሸፈኑላት።