ጉዳዩ፦ የኋላው መወጣጫ እስኪጠገን ሥራ እንዲቆምበት ስለመጠየቅ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለኢንጂነር ግርማ፣ ፕሮጀክት ማናጀር
ከሰላማዊት፣ ሳይት ኢንጂነር

ኢንጂነር ግርማ፣ እንደምን ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ደውዬልዎት ነበር፤ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገሩኝ። ጉዳዩ እስከ ነገ ጠዋት ውሳኔ ስለሚፈልግ በጽሑፍ ማቅረቡ ይሻላል ብዬ ነው።

ዋናውን ላስቀድም። የሕንፃው የኋላ መወጣጫ አሁን ባለበት ሁኔታ ሰው ሊወጣበት አይገባም። ነገ ዓርብ ጠዋት ደግሞ የውጭ ልስን ቡድኑ እዚያው እንዲገባ ፕሮግራም ተይዟል። ተጠግኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ሥራው እንዲቆም እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። የዛሬውን የከሰዓት ሥራ እኔው አስቁሜ ሰዎቹን ወደ ውስጥ ልስን አዛውሬያቸዋለሁ። ይህን ያደረግሁት እርስዎን ሳላገኝ ስለሆነ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ትናንት ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአምስተኛ ፎቅ ርብራብ ላይ አንድ ባለ 20 ብሎኬት ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ብሎኬቱ ያረፈው የውሃ ሮቶው አጠገብ ነው። መሬት ሲመታ ተሰባበረ። አንዱ ቁራጭ ተፈናጥሮ የአንዲት የቀን ሠራተኛ ባልዲ መታ። ልጅቷ ባልዲውን ቧንቧው ሥር አስቀምጣ ነጠላዋን ለማጥበቅ ዘወር ብላ ነበር። ባልዲው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ስቶር አስቀምጬዋለሁ፤ ሲመጡ ሊያዩት ይችላሉ።

ሄልሜት አድርጋለች ወይ ቢሉኝ፣ አድርጋ ነበር። ግን ሄልሜቱ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ከ15 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ብሎኬቱ ደግሞ በሁለት እጅ የሚያነሱት ነገር ነው።

ብሎኬቱ ለምን ወደቀ የሚለውን ለማየት ዛሬ ጠዋት ከፎርማኑ ከጋሽ ታደሰ ጋር መወጣጫውን ከታች እስከ ላይ አየነው። ከዚህ በታች ያለው ሁለታችንም በዓይናችን ያየነው ነው። የሰማሁትን ለብቻው እጽፋለሁ።

በደቡብ ምሥራቅ ጥግ በኩል ያሉት ሦስት ቋሚ አጣናዎች ሰምጠዋል። ከሥራቸው የነበረው የጣውላ ቁራጭ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አይታይም። መሃለኛውን በሜትር ለካሁት፤ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጣራው ውሃ ማውረጃ ቱቦ ገና ስላልተገጠመ ዝናቡ በሙሉ በዚያ ጥግ ነው የሚወርደው። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ደግሞ ዝናቡ ሌሊትም አላባራም። አፈሩ ሙሌት ነው፤ አልተጠቀጠቀም። አጣናው ሲሰምጥ የላይኛው ርብራብ ወደ ውጭ ያዘነብላል። አምስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጬ አረጋግጫለሁ። ብሎኬቱ የተቀመጠው በዚሁ ባዘነበለው ጣውላ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል ባይ ነኝ። መወጣጫውን ከሕንፃው ጋር ያሰሩት ሽቦዎች ተቆርጠዋል። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ፎቅ መሆን ከነበረባቸው ማሰሪያዎች መካከል ሰባቱ የሉም። ለሳኞቹ ግድግዳውን ሲለስኑ ሽቦው ስለሚያስቸግራቸው ቆርጠው ይሄዳሉ፤ መልሶ የሚያስር የለም። ማንም ክፋት አስቦ ያደረገው አይደለም፤ መልሶ ማሰሩ የማን ሥራ እንደሆነ እኛም በግልጽ አልተናገርንም። ውጤቱ ግን ያ ሁሉ ቁመት በራሱ ሚዛን ብቻ ቆሟል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ያውቁታል።

በተረፈ አምስተኛ ፎቅ ላይ የጎን መከለያ የለም። አራተኛ ላይ አንድ አግዳሚ አጣና አለ፤ ግን ጉልበት ላይ ነው፤ ሰው አይዝም፤ እንዲያውም ያደናቅፋል። በርብራቡ ጠርዝ እቃ እንዳይንሸራተት የሚያግድ ጣውላ በየትኛውም ፎቅ አላየሁም።

አሁን የሰማሁትን ልጻፍ። ሁለት ለሳኞች ከትናንት በፊትም ሞርታር የያዘ ባልዲ እንደወደቀ ነግረውኛል። ቀኑን በትክክል አያስታውሱም፤ ሪፖርትም አልተደረገም። እኔ አላየሁም። እውነት ከሆነ ግን የትናንቱ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ ያለውንም መጻፍ አለብኝ፤ አለበለዚያ ለእሱ ፍትሐዊ አይሆንም። በአጣና መወጣጫ ስንት ሕንፃ እንዳቆመ እርስዎም ያውቃሉ። «ይሄው እስከ ዛሬ ይዞ የለ እንዴ? ሁለት ድጋፍ እንምታበትና ይቀጥል» ነው ያለኝ። አጣናውን በራሱ አልተቃወምኩም። በደንብ ከተሰራና ከታሰረ ይይዛል። በበጋ ይዞ ነበር። አሁን የተለወጠው መሬቱ ነው። ድጋፍ ብንመታም ድጋፉ ራሱ የሚያርፈው በዚያው ጭቃ ላይ ነው። አብረን ወርደን እግሩን ካየነው በኋላ ጋሽ ታደሰም «ይሄስ ልክ አይደለም» ብሏል። ሠራተኞቹን ማዛወሩ ላይም ያገዘኝ እሱ ነው።

ሴፍቲ ቤልት እንጠቀም የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ስቶር ውስጥ አለ። ችግሩ የሚታሰርበት ነገር የለም። በሚዋዥቅ አጣና ላይ የታሰረ ቤልት፣ አጣናው ሲሄድ ሰውየውንም ይዞት ይሄዳል። ቤልቱ ጥቅም የሚኖረው ከኮለን ወይም ከስላብ ጋር የሚያያዝ ገመድ ስንዘረጋ ነው።

አንድ ነገር ላክል። ሰዎቹ ራሳቸው ስላላጉረመረሙ ችግሩ ቀላል እንዳይመስለን። የቀን ሠራተኛ ሥራ ከቆመ የዚያን ቀን ገንዘቡም ይቆማል። «ትፈራለህ ወይ?» ብንለው «ኧረ ምንም አይል» ነው የሚለን። ዛሬ ሥራው ሲቆም የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «የቀኑስ ይታሰባል?» የሚል ነበር። ይታሰባል ብያለሁ፤ ወደ ውስጥ ልስን ስላዞርኳቸው ትርፍ ወጪ የለውም። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የደረጃው ግድግዳና የመታጠቢያ ቤቶቹ ልስን ገና ነው። ቢያንስ እስከ ሰኞ የሚያሠራቸው አለ።

እንዲፈቀድልኝ የምጠይቀው ይህን ነው። ነገ ጠዋት የኋላው ግቢ ከሮቶው ጀምሮ በገመድ ይታጠር፤ ሮቶውም ወደ በሩ በኩል ይዛወር። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ለጊዜው የጣራውን ውሃ በላስቲክ ቱቦ ወደ ቦዩ እናዙረው፤ አለበለዚያ የምንጠግነው ነገር እንደገና ይሰምጣል። ከዚያ ጥጉ ተቆፍሮ በድንጋይና በኮንክሪት መቀመጫ ይሠራለት። በዚህ መሃል የፊት ለፊቱ የብረት ስካፎልዲንግ ቅዳሜ ይፈታል። እሱ ወደ አከራዩ ከመመለሱ በፊት ወደ ኋላ ቢዛወር የተሻለ ነው። ሙሉውን ባይሸፍን እንኳ ለሁለቱ የላይኛ ፎቆች ይበቃል። ኪራዩ በሳምንት እንደሚታሰብ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ብረቱ ካልተፈቀደ አጣናው ፈርሶ እንደገና መተከል አለበት። ባለበት መጠጋገኑን አልደግፍም።

ማሰሪያዎቹን በተመለከተ፣ ከአሁን ወዲህ ለሳኝ ሽቦ ከመቁረጡ በፊት ለጋሽ ታደሰ እንዲናገር፣ እሱም አማራጭ ማሰሪያ ሳያስገባ እንዳያስቆርጥ ብናደርግ ይበቃል። በየቀኑ ጠዋት ሰው ከመውጣቱ በፊት መወጣጫውን እኔ አይቼ እፈርማለሁ።

ጊዜውን ስገምት ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ይበላል። የዚህ ወር የክፍያ ሰርተፊኬት የውጭ ልስኑን እንደሚጠብቅ አልረሳሁም። የኋላው ክፍል ባይደርስ እንኳ የፊቱና የጎኑ ልስን ተለክቶ መግባት ይችላል። ልኬቱን ነገ ከሰዓት በፊት አዘጋጅቼ እሰጥዎታለሁ። አማካሪው ከጠየቀም የቆመበትን ምክንያት በግልጽ ብንነግረው የሚጠላው አይመስለኝም።

ሳልዘነጋው፦ አራተኛ ፎቅ ላይ የሊፍት ጉድጓዱ ክዳን ተነስቷል። አናጺዎች ፕላይውዱን ለፎርምወርክ ወስደውታል። ዛሬ በሞራሌ አዘግቼዋለሁ፤ ቋሚ መከለያ ግን ያስፈልገዋል።

አዋጅ መጥቀሴ ክርክር እንዳያስመስልብኝ እሰጋለሁ፤ ግን መዝገብ ላይ እንዲኖር ያህል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን የሙያ ደህንነት ግዴታ ይደነግጋል። አንቀጽ 93 ደግሞ የሠራተኛውን፤ በራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ይህን የምጽፈው በዚያ መሠረት ነው። ለሌላ ለማንም ግልባጭ አላደረግሁም። መጀመሪያ እርስዎ እንዲያውቁትና እዚሁ እንዲፈታ ነው የምፈልገው።

አምስት ፎቶዎች በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። ሁለተኛው ላይ ሜትሩ በግልጽ ይነበባል፤ አራተኛው የተቆረጡት ሽቦዎች ናቸው። የትናንቱን ክስተት በሳይት መዝገቡ ላይ ከነሰዓቱ ጽፌዋለሁ፤ ጋሽ ታደሰም ፈርሞበታል።

ሠራተኞቹ 2 ሰዓት ላይ ስለሚገቡ መልስዎን ዛሬ ማታ ወይም ነገ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ባገኝ ጥሩ ነው። ስልኬ ሌሊቱንም ክፍት ነው። መልስ እስካገኝ ድረስ የኋላው መወጣጫ መግቢያ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ለዘበኛውም ነግሬዋለሁ። ሌላ ሐሳብ ካለዎት ነገ ጠዋት ሳይት ላይ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። ቦት ጫማ ይዘው ይምጡ፤ ጥጉ ጭቃ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ሰላማዊት
ሳይት ኢንጂነር