በደብረ ብርሃን የሚገኝ የብረታ ብረትና እንጨት ሥራ ወርክሾፕ የ2018 ዓ.ም. የሥራ ማስኬጃ ዕቅድ

ይህ ዕቅድ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ 2018 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሲሆን፣ ለማኅበሩ አባላትና ብድር ለጠየቅንበት የቁጠባና ብድር ተቋም ቀርቧል። ዋና ምርታችን ለሁለት ተማሪ የሚሆን ኮምባይንድ ዴስክ ነው፤ በርና መስኮት የምንሠራው በትዕዛዝ ብቻ ነው።

የማምረት አቅም

አቅማችንን ባለፈው ዓመት የቆጠርነው በብየዳ ነበር፤ ይህም አሳስቶናል። አንድ በያጅ የዴስክ ፍሬሙን በማስገጠሚያ ፎርማ ላይ አስሮ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ሁለቱ በያጆች በ7 የተጣራ የሥራ ሰዓት 16 ፍሬም ያደርሳሉ። ቀለም ክፍሉ ግን በአንድ ጊዜ መስቀል የሚችለው 12 ፍሬም ነው። በበጋ አንቲረስቱም ቀለሙም በአንድ ቀን ስለሚደርቁ የቀን ምርታችን 12 ዴስክ ይሆናል፤ በክረምት ግን በደብረ ብርሃን ብርድና ጭጋግ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ወደ 6 ይወርዳል። ትምህርት ቤቶች ለመስከረም የሚያዝዙት ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው።

በወር ካሉት 25 የሥራ ቀናት መብራት በመቋረጡ 3ቱ እንደሚባክኑ ብንይዝ፣ የወር አቅማችን በበጋ 264፣ በክረምት 132 ዴስክ ነው። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ግንቦት በየወሩ 80 ዴስክ ከትዕዛዝ በላይ አምርተን 320 እናስቀምጣለን። ይህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሚመረተው 396 ጋር 716 ስለሚሆን፣ ለክረምቱ ከ700 በላይ ዴስክ ውል አንፈርምም። የሚቀመጠው ቀለም የተቀባው ፍሬም ብቻ ነው፤ የኤምዲኤፍ ጠርዝ እርጥበት ሲነካው ስለሚያብጥ ጣውላው የሚገጠመው በርክክቡ ሳምንት ይሆናል።

መሣሪያዎች

አሁን ያሉን ሁለት ባለ 250 አምፔር የብየዳ ማሽኖች፣ አንድ የብረት መቁረጫ፣ ሦስት ግራይንደሮች፣ የቁም መሰርሰሪያ፣ ሁለት ሞርሳ፣ ኮምፕረሰርና የጣውላ መሰንጠቂያ ናቸው። አንዳንድ አባላት ሦስተኛ የብየዳ ማሽን ይገዛ ብለዋል፤ ይህ ግን ቀለም ክፍሉ በር ላይ የሚከመረውን ፍሬም ከማብዛት በቀር ምርት አይጨምርም። የብድሩ ገንዘብ የሚውለው ስድስት በስምንት ሜትር ስፋት ያለው፣ ብርሃን አስገቢ ጣሪያና የአየር ማስወጫ ያለው ማድረቂያ ክፍል ለመሥራት ነው። የቲነር ትነት እሳት ስለሚይዝ በክፍሉ ውስጥ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይፈቀድም። ክፍሉ በአንድ ክረምት ተሞክሮ እስኪታይ ድረስ የሚያመጣውን ጭማሪ በስሌታችን አላስገባንም።

አቅራቢዎች

ለአራት ዴስክ አምስት ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ፣ ለሁለት ዴስክ ደግሞ አንድ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ኤምዲኤፍ ይበቃል፤ ስለዚህ የበጋ ወር ፍጆታችን 330 ቱቦላሬና 132 ኤምዲኤፍ ነው። ሁለቱንም 130 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ በአይሱዙ እናመጣለን፤ ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ ቀለምና ቲነር እዚሁ ከተማ ይገዛሉ።

ባለፈው ዓመት 1.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠልን ቱቦላሬ በካሊፐር ሲለካ 1.2 ሆኖ ተገኝቷል፤ በያጁ ኤሌክትሮዱን ባስነካው ቁጥር ብረቱ ይበሳ ስለነበር ነው የደረስንበት። ከእንግዲህ ገዢው ከየእሥሩ ሦስት ቱቦላሬ ሳይለካ ክፍያ አይፈጽምም፤ ከአንድ ነጋዴ ብቻ መግዛትም ቀርቶ ዋጋ ከሦስት ቦታ ይጠየቃል። የሁለት ሳምንት ቱቦላሬ ሁልጊዜ በመጋዘን ይኖራል። ደንበኞች ውል ሲፈርሙ ግማሹን ቅድሚያ ይከፍላሉ፤ ያለዚያ ብረቱን በራሳችን ገንዘብ ገዝተን መቆየት አንችልም።

የሰው ኃይል

ወርክሾፑ በአሥር ሰዎች ይንቀሳቀሳል፤ እነርሱም ሥራ አስኪያጅ፣ ገዢና ንብረት ያዥ፣ ቆራጭ፣ ሁለት በያጆች፣ ብየዳ አስተካካይ፣ ቀለም ቀቢና ረዳቱ፣ አናጺ እንዲሁም ገጣጣሚ ናቸው። በያጆቹ የብቃት ምዘና ያለፉ መሆን አለባቸው። ቀለም ቀቢው አንድ ብቻ በመሆኑ በታመመ ቀን ሁሉም ሥራ ስለሚቆም፣ ረዳቱ እስከ ጥር ድረስ ብቻውን መርጨት እንዲችል ይሠለጥናል።

የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ከደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው ተቀንሶ፣ 11 በመቶ በማኅበሩ ተጨምሮ ለጡረታ ገቢ ይሆናል። መብራት በጠፋ ሰዓት ሠራተኛው ወደ ቤቱ አይሰናበትም፤ ፍሬም በእጅ በሸራ ወረቀት ማለስለስ፣ በብሩሽ አንቲረስት መቀባትና ጣውላ መግጠም በዚያ ሰዓት ይሠራሉ።

ንብረት ያዡ የየዕለቱን የተበየደ፣ የተቀባና የተገጠመ ዴስክ ብዛት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መዝግቦ ዘወትር ቅዳሜ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባል። የተበየደው ከተቀባው በ30 ሲበልጥ አንደኛው በያጅ ወደ ቀለም ክፍል ይዛወራል።