የሀያት አቂቃ፦ የቅዳሜው ዝግጅት

ለዘመድ አዝማድ በሙሉ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ልጃችን የተወለደችው ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከመግሪብ በኋላ በመሆኑ ሌሊቱ የእሑድ ነው፤ ከእሑድ ስንቆጥር ሰባተኛው ቀን የፊታችን ቅዳሜ ላይ ይውላል። ዓርብ መስሏችሁ መኪና የያዛችሁ የኮምቦልቻ ዘመዶች፣ ዛሬውኑ አስተካክሉ። ቦታው ደሴ፣ አያቷ ቤት ነው። የተጠራው 40 ሰው ነው።

ለሴት ልጅ አንድ በግ ይበቃል። ዓመት የሞላው፣ የማያነክስ፣ ዓይኑም ጆሮውም ጤነኛ ይሁን። አጎቷ ሐሙስ ይገዛውና ጓሮ ያስረዋል። ዓርብ ማታ ውሃ እንጂ መኖ አይሰጠው፤ ሆዱ ሙሉ ከሆነ ሲበለት ሥጋውን ያቆሽሻል። ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ላይ አባቷ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር፤ ይህ የሀያት አቂቃ ነው» ብሎ ያርዳል። ለገፋፊው የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ ሥጋም ሆነ ቆዳ ለድካሙ ዋጋ አይሆንም። አጥንቱ በመጥረቢያ አይሰበር፣ በየመገጣጠሚያው ይለያይ። ብልቱ ትልልቅ ስለሚሆን የደሴ ከፍታም ተጨምሮበት ቅቅሉ ቶሎ አይበስልም፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት እሳት ላይ ይጣድ።

30 ኪሎ የሚመዝን በግ ከነአጥንቱ 13 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል። ሲሶው ለሚስኪን፣ ሲሶው ለጎረቤት ነው። ለማዕድ የሚቀረው ከ4 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ ይህ ደግሞ ለ40 ሰው አይበቃም። ብዙ ቤት የሚያፍረው በጉን ሙሉ ለእንግዳ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ 6 ኪሎ የበሬ ሥጋ ለቀይ ወጥ እንጨምራለን፤ 6 ኪሎ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ከ1 ኪሎ ያላነሰ ቅቤ። ሽንኩርቱ ዓርብ ማታ ይከተፍ፣ ቁሌቱም ያኔውኑ ይብሰል፤ ጧት ሥጋውን መጨመር ብቻ ይቀራል።

እንጀራው 90 ነው፣ ወደ 25 ኪሎ ጤፍ ይፈልጋል። በዚህ ብርድ ሊጡ ቶሎ ስለማይቦካ ሰኞ ማታ ይቦካ፣ ሐሙስ ማታና ዓርብ ይጋገር። ብርዙን ግን ቀድማችሁ አትበጥብጡ፤ ካደረ ይፈላል፣ ከፈላ አይጠጣም። ቅዳሜ ጧት 2 ኪሎ ማር በ12 ሊትር የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውሃ ይበጥበጥ።

የገንፎው ኃላፊነት የታላቅ አክስቷ ነው። ለአራሷና ለጧት ሰው 3 ኪሎ የገብስ ዱቄት። ውሃው ሲንተከተክ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ በማማሰያ ይገንፋ። አንዴ ከተገለበጠ ይጓጉላል፤ ውጪው ሲበስል ውስጡ ጥሬ ዱቄት ይሆናል። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል።

ፀጉሯ የሚላጨው 3 ሰዓት ላይ፣ ጠብታ ስትተኛ ነው። ምላጩ ከማሸጊያው ያልወጣ አዲስ ይሁን፤ አናቷን በለብ ያለ ውሃ አርሱ፤ እርግብግቢቷ ላይ እጅ አይጫን፣ እዚያ ጋ ትንሽ ፀጉር ቢቀር ምንም አይደለም። ፀጉሩ በንጹሕ ወረቀት ይጠቅለልና ወርቅ ቤት ይመዘን፤ የኩሽና ሚዛን ግራሞቹን አያነብም። የክብደቱ ያህል የብር ማዕድን ዋጋ ሰደቃ ይሰጣል።

የዱዓው ሥርዓት 5 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። እያንዳንዱ ሽማግሌ ምርቃት ሲጨምር ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ የዙህር አዛንም ይደርሳል። የሚመርቁት አያቷ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቻችሁ አሚን በሉ፣ የየግል ምርቃታችሁ ቡና ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ሁሉም ተቀምጦ ፋቲሐ ይቀራል። ቀጥሎ አባቷ ታቅፏት ይቆምና «የልጃችን ስም ሀያት ነው፤ ትርጉሙም ሕይወት ነው» ብሎ ሦስት ጊዜ ያሰማል። ከዚያ አያቷ እጃቸውን ዘርግተው፦

«አላህ የሰጣችሁን ይባርክላችሁ።» — አሚን።
«ሰጪውን ለማመስገን ያብቃችሁ።» — አሚን።
«ሀያት እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ለወግ ለማዕረግ ብቂ።» — አሚን።
«ለእናት ለአባትሽ ጧሪ ቀባሪ ሁኚ።» — አሚን።
«ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ቀን አላህ ይጠብቅሽ።» — አሚን።
«እናቷን ጤና ይስጥልን፣ ጡቷን ያበርክትላት።» — አሚን።

ሶለዋት ተብሎ ሴቶቹ እልል ሲሉ ልጅቷ ወደ እናቷ ክፍል ትመለሳለች። ከእቅፍ ወደ እቅፍ አትዙር፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ከበር ይመርቃት።

ምሳ ከዙህር ሶላት በኋላ 7 ሰዓት ነው። ቀጥሎ ቡና፣ ፈንዲሻና ሁለት ድፎ ዳቦ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ማንም አይነሳ።

ለሚስኪኑና ለጎረቤቱ የሚሄደው ሥጋ አብሮ ይቀቀልና ገበታ ከመቅረቡ በፊት ተነሥቶ ይቀመጥ፤ የተረፈ አይላክ። የአጎት ልጆች እንጀራ ጨምረው፣ በክዳን ሸፍነው፣ ዐስር ሳይሰገድ ያድርሱት።