7,800 ብር ለሦስት ሲካፈል

ጥያቄው ይሄ ነው። ሦስት ሰዎች ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አብረው ዓሣ ያጠምዳሉ። አንዱ ባለ ጀልባ፣ አንዱ ባለ መረብ፣ አንዱ ቀዛፊ። አንድ ቀን ጠዋት ያወጡትን የቆሮሶ ዓሣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወስደው ሸጡ። ወጪያቸው ተቀንሶ 7,800 ብር ቀራቸው። የባለ ጀልባው ድርሻ ለባለ መረቡ ድርሻ 3 ለ 2 ነው። የባለ መረቡ ለቀዛፊው ደግሞ 4 ለ 3። ለእያንዳንዳቸው ስንት ብር ይደርሳቸዋል?

ማታ ማታ የማስጠናው የ7ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄውን እንዳየ 3፣ 2 እና 3ን ደመረና 8 አለ። 7,800ን ለ8 ሲያካፍል 975 መጣለት። ቀሪ የለውም። ልጁም ደስ አለውና ቀጠለ፦ ባለ ጀልባው 2,925፣ ባለ መረቡ 1,950፣ ቀዛፊው 2,925።

«ቆይ እስቲ» አልኩት። «ቀዛፊው ከባለ መረቡ በለጠ እንዴ? ጥያቄው እኮ 4 ለ 3 ነው የሚለው።» እርሳሱን አፉ ውስጥ ከተተና ዝም አለ።

ጥፋቱ ማካፈሉ ላይ አይደለም። ባለ መረቡ ሁለቱም ንጥጥሮች ውስጥ አለ፤ በመጀመሪያው 2 እጅ፣ በሁለተኛው 4 እጅ ተብሏል። ሰውዬው ግን አንድ ነው፣ የሚወስደውም አንድ ድርሻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእሱን ቁጥር አንድ ዓይነት ማድረግ አለብን።

የ2 እና የ4 ትንሹ የጋራ ብዜት 4 ነው። ሁለተኛው ንጥጥር ላይ 4 ስላለ አንነካውም። የመጀመሪያውን ሁለቱንም ቁጥሮች በ2 እናባዛ፦

3 : 2 = 6 : 4

2ን ብቻ አባዝቶ 3ን እንዳለ የሚተው ብዙ ነው። ያኔ ንጥጥሩ ራሱ ይለወጣል። አሁን ሦስቱን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፦

ባለ ጀልባ : ባለ መረብ : ቀዛፊ = 6 : 4 : 3

ሲደመር 13 እጅ። የአንዱ እጅ ዋጋ፦

7,800 ÷ 13 = 600 ብር

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው።

ባለ ጀልባ፦ 6 × 600 = 3,600 ብር
ባለ መረብ፦ 4 × 600 = 2,400 ብር
ቀዛፊ፦ 3 × 600 = 1,800 ብር

ድምሩ 7,800 መጣ። ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። የልጁም መልስ እኮ ተደምሮ 7,800 ይመጣል! ንጥጥሮቹንም እዩ፦ 3,600 ለ 2,400 ሲቃለል 3 ለ 2፣ 2,400 ለ 1,800 ሲቃለል 4 ለ 3። አሁን ልክ ነው።

ልጁ ገባኝ ሲለኝ ጥያቄውን ገልብጬ ሰጠሁት። በሌላ ቀን፣ በዚያው ንጥጥር ተካፍለው ባለ ጀልባው ከቀዛፊው 900 ብር በለጠ እንበል። ጠቅላላው ስንት ነበር? እንደ ልማዱ 900ን ለ13 ሊያካፍል ጀመረና እጁን ሰበሰበ። ልዩነቱ 6 − 3 = 3 እጅ ነው። አንዱ እጅ 300 ብር፣ ጠቅላላው 13 × 300 = 3,900 ብር። ይሄንን ብቻውን ሠራው።