ያው ወሬ፣ ለዶክተሬና ለሰላም

ሐሙስ ጠዋት ወረታ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ አንድ ወሬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። አንዱ ባሕር ዳር ላሉት አማካሪዬ ነው። ሌላው እዚያው ፔዳ ግቢ ላለችው ጓደኛዬ ለሰላም። ወሬው አንድ ነው፤ ምን እንደደረሰብኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደምፈልግ፣ ምን እንዳገኘሁ፣ ምን እንዲደረግልኝ እንደምለምን። ለዶክተር የጻፍኩት ይኸውና።

ርእስ፦ የምዕራፍ አራትን ረቂቅ ለማስረከብ የአንድ ሳምንት ጊዜ ስለመጠየቅ

ክቡር ዶክተር፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ?

ሰኞ ጥቅምት 17 አስረክባለሁ ያልሁትን የምዕራፍ አራት ረቂቅ በቀኑ ማድረስ አልችልም። እስከ ሰኞ ጥቅምት 24 እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ፎገራ በኩል ሐይቁ ዳር ከታንኳ ስወርድ፣ እምቦጩን ደረቅ መሬት መስሎኝ ረገጥሁት። ባለታንኳው እንድቆይ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልጠበቅሁም። እስከ ወገቤ ስሰጥም ቦርሳዬም አብሮኝ ገባ። በእኔ ላይ ጉዳት አልደረሰም። የተሞሉት 40 መጠይቆች ግን በሙሉ ረጥበው የማይነበቡ ሆነዋል። ከእነዚህ ውስጥ 26ቱን ቀደም ብዬ በስልክ ፎቶ ስላነሳኋቸው ተርፈዋል። የመጨረሻዎቹን 14 አላነሳሁም። በየማታው ፎቶ እንዳነሳ መስከረም ላይ አሳስበውኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አደረግሁ፤ ከዚያ ተውሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

14ቱን ዓሣ አስጋሪዎች ከነገ ጀምሬ በሦስት ቀን ውስጥ እንደገና አነጋግራለሁ። አብዛኞቹ ሩዝም ያመርታሉ። አጨዳው ከጀመረ አንድ ሰው ማግኘት ስለሚከብድ፣ ሥራውን አሁኑኑ መጨረስ ይኖርብኛል።

የትብብር ደብዳቤውም አብሮ ረጥቧል። ቀበሌው ማኅተም ያለበትን ዋናውን ቅጂ ማየት ይፈልጋል። አዲስ ደብዳቤ ፈርመው ለጸሐፊዋ ቢተዉልኝ፣ ጓደኛዬ ሰላም ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መጥታ ትወስደዋለች።

በመጨረሻ አንድ የማማክርዎ ጉዳይ አለኝ። መጠይቁ ላይ የጠየቅሁት የሚያዘው ዓሣ ስለመቀነሱ ነው። ብዙዎቹ ግን አስቀድመው የሚያነሱት መረባቸውን ነው። ማታ የጣሉትን መረብ በነፋስ የተገፋ እምቦጭ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ጠዋት ቢያገኙትም ሥሩን ከመረቡ ሲያላቅቁ ግማሽ ቀን ያልፋል። በዚህ ስለሚባክነው ጊዜ አንድ ጥያቄ እንድጨምር ይፈቅዱልኛል? የቀሩትን 26 ሰዎች በስልክ ልጠይቃቸው እችላለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜና ምክር ከልብ አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ትዕግሥት

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይ «በመስክ ሥራ ላይ ባጋጠመ ችግር ሰነዶቹ ረጥበዋል» ይል ነበር። ያማረ አማርኛ ነው፤ የቢሮ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ይላል። ግን ሰው የለበትም። ችግሩ ራሱ አጋጠመ፣ ሰነዶቹም ራሳቸው ረጠቡ። እኔ የት ሄድኩ? የታወቀኝ ለሰላም ስጽፍ ነው። ለእሷ «ገባሁበት» ብዬ ጀመርኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ተመልሼ የዶክተርን ደብዳቤ ከፈትኩና «ረገጥሁት»፣ «አልጠበቅሁም»፣ «ተውሁት» ብዬ አስገባሁ። «ይፈቅዱልኛል» እና «አሳስበውኝ» አክብሮቱን ይዘውታል። እኔን መደበቅ የአክብሮት ሥራ አይደለም።

የቀረው ልዩነት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዶክተር መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው ቀኑን ነው፤ ብዙ ተማሪ አላቸው፣ ጊዜያቸው ጠባብ ነው። ሰላም ግን መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልገው እኔ ደህና መሆኔን ነው። ለዶክተር «በእኔ ላይ ጉዳት አልደረሰም» አንድ መስመር ናት፣ መሀል ላይ የተቀመጠች። ለሰላም መግቢያው እሱ ነው። ፍርሃቴንም ለእሷ ብቻ ነው የጻፍኩት። ለዶክተር «ኅሊናዬ ታውኳል» የምትል ሐረግ ሞክሬ ነበር። ሰረዝኳት፤ እንዲያዝኑልኝ መለመን መሰለብኝ።

በዚህ መሀል ሦስተኛ አነጋገርም ነበረኝ። ባለታንኳውን አባባ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው ይቅርታ የጠየቅኳቸው። ዶክተርን አንቱ ብላቸው ግን ግር ይላቸው ነበር፤ እሳቸው «እርስዎ» ናቸው።

ለሰላም የላክሁት ይህ ነው።

ሰላምዬ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ? እኔ ደህና ነኝ፣ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። እንዳትደነግጪ።

ትናንት እምቦጭ ውስጥ ገባሁበት። እስከ ወገቤ! ከታንኳ ስወርድ መሬት መሰለኝ። ሜዳ ነው የሚመስለው እኮ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሐምራዊ አበባ ጣል ጣል ያለበት። አባባ «ቆይ ልጄ» ብለውኝ ነበር። ቸኮልኩ፣ አልሰማኋቸውም። እግሬ መሬት ሲያጣ እንዴት እንደፈራሁ አልነግርሽም። ሥሩ እግሬን ያዘኝ። አባባ በመቅዘፊያቸው ስበው አወጡኝ። ስልኬ እጄ ላይ ስለነበር ተርፏል።

ቦርሳው ግን አብሮኝ ገባ። 40ውም መጠይቅ ቀለሙ ፈስሶ አለቀ። 26ቱ ፎቶ አላቸው። የመጨረሻዎቹ 14 የላቸውም። ዶክተር መስከረም ላይ በየማታው ፎቶ አንሺ ብለውኝ አልነበር? ሁለት ሦስት ቀን አነሳሁና ተውኩት። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሌሊቱን በሙሉ ሲቆጨኝ አደረ።

ስለዚህ ሰኞ አላደርስም። እስከ 24 እንዲሰጡኝ አሁን ጻፍኩላቸው። እሺ ይሉኛል ብለሽ ነው? ከነገ ጀምሮ እስከ እሁድ እዚሁ ነኝ፤ 14ቱን አንድ በአንድ ልፈልጋቸው። ሩዝ አጨዳ ከገቡ ማንም አይገኝልኝም። ቅዳሜ ዳታውን አብረን ልናስገባ ያልነውም ወደ ማክሰኞ ይዛወር፣ እሺ?

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። የትብብር ደብዳቤዬም ረጥቧል፣ ቀበሌ ያለ ማኅተም አያናግሩኝም። ዶክተር እሺ ካሉ ጸሐፊዋ ጋ ይተዉታል። ከ10 ሰዓት በፊት ሂጂና ተቀበይልኝ። ነገ በጠዋት መናኸሪያ ወጥተሽ ለወረታ ሚኒባስ ሹፌር ስጪልኝ፣ ስልኬን ፖስታው ላይ ጻፊበት። በላስቲክ ጠቅልይው፣ አደራ።

ደሞ ስሚኝ፣ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። እኔ ዓሣው ቀነሰ ወይ እያልኩ ስጠይቅ፣ እነሱ ስለ መረባቸው ነው የሚያወሩት። ማታ ይጥሉታል፣ ሌሊት እምቦጩ በነፋስ መጥቶ ጠቅልሎት ይሄዳል። ጠዋት ቢያገኙትም ሥሩን ሲለቅሙ ግማሽ ቀን ያልቃል። አንዱ የተቆራረጠ መረቡን አሳየኝ፤ ሆዴን በላው። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ዓሣው ስናወራ ስለ ሰዎቹ ጠዋት የጠየቀ ስንት ነው? ጥያቄ ልጨምር ብዬ ዶክተርን ጠይቄያለሁ። እሺ ካሉኝ 26ቱን በስልክ ስደውልላቸው አንቺ ትጽፊልኛለሽ።

ዛሬ ደውይልኝ፣ ድምፅሽን ልስማ።

ትዕግሥትሽ